የሥራ አመልካቾች ማስረጃ ከሰጪው ተቋም መዝገብና ከዲጂታል ባጅ የሚረጋገጥበት አግባብ

በሀገራችን የቅጥር አሠራር ለረጅም ጊዜ የቆየ አንድ ልማድ አለ። አመልካቹ ዋናውን የምስክር ወረቀትና ፎቶ ኮፒውን ይዞ ይቀርባል፤ የሰው ኃብት ሠራተኛው ሁለቱን ጎን ለጎን ያመሳክራል፤ ኮፒው ላይ «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» የሚል ማኅተም ያሳርፍና ዋናውን ይመልሳል። ይህ አሠራር ኮፒው የዋናው ግልባጭ መሆኑን ያረጋግጣል። ዋናው ራሱ እውነተኛ ስለመሆኑ ግን የሚናገረው ነገር የለም። ሐሰተኛ ማስረጃ ይዘው ለዓመታት በሥራ ላይ የቆዩ ሰዎች በማጣራት ሥራ ሲገኙ፣ ፋይላቸው ውስጥ ያለው ኮፒ ብዙውን ጊዜ በሚገባ የተመሳከረ ነው።

ዛሬ ደግሞ ማስረጃው በአመዛኙ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ይደርሳል። ከዲግሪው ጎንም በአጫጭር ሥልጠናዎችና በዓለም አቀፍ የሙያ ፈተናዎች የተገኙ ዲጂታል ባጆች፣ ማስፈንጠሪያዎችና ኪውአር ኮዶች ይቀርባሉ። እነዚህ አዳዲስ ማስረጃዎች በትክክል ከተያዙ ከወረቀቱ ይልቅ ለማረጋገጥ ይቀላሉ። በስሕተት ከተያዙ ግን ሁለት ጉዳት ያስከትላሉ፤ አንደኛው ሐሰተኛው እንዲያልፍ ማድረግ ሲሆን ሁለተኛው፣ ብዙም የማይነገርለት፣ እውነተኛው ባለማስረጃ «መዝገብ ላይ አልተገኘም» ተብሎ ሥራውን እንዲያጣ ማድረግ ነው።

ጉዳዩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ ይወሰድ። በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ድርጅት የኔትወርክ ባለሙያ ለመቅጠር ማስታወቂያ ያወጣል። ከአመልካቾቹ አንዷ ሁለት ማስረጃዎችን ታቀርባለች፤ በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. በኮምፒውተር ሳይንስ የተሰጠ የመጀመሪያ ዲግሪ እና ሲስኮ የተባለው ኩባንያ የሰጠው፣ በላዩ `CCNA` የሚል ጽሑፍ ያለበት ዲጂታል ባጅ። የቅጥር ኃላፊው ሁለቱንም ማረጋገጥ ይጠበቅበታል።

ባጁ ምን ይናገራል?

ዲጂታል ባጅ ሲታይ ትንሽ ሥዕል ነው። ዋጋው ግን በሥዕሉ አይደለም፤ ከሥዕሉ ጀርባ ባለው መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሞዚላ የተባለው ድርጅት ይፋ ያደረገውና ዛሬ ዋን ኤድቴክ በተባለ ማኅበር የሚመራው «ኦፕን ባጅስ» የተሰኘው የጋራ ደረጃ፣ እያንዳንዱ ባጅ ማን እንደሰጠው፣ ለማን እንደተሰጠ፣ መቼ እንደተሰጠና ባለቤቱ ምን በመፈጸሙ እንዳገኘው የሚገልጽ መረጃ እንዲይዝ ያስገድዳል። መረጃው በምስሉ ፋይል ውስጥ ሊካተት ይችላል፤ ወይም ምስሉ መረጃው ወዳለበት ገጽ ይመራል። የስልክ ማያን ፎቶ በማንሣት የተገኘ ግልባጭ ግን ይህን ሁሉ ያጣል። ስለዚህ በሥራ ልምድ መግለጫ ላይ የተለጠፈ የባጅ ምስል ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ማንኛውም ሰው የሌላውን ባጅ ምስል ገልብጦ መለጠፍ ይችላልና።

በምሳሌው የቅጥር ኃላፊው የመጀመሪያ ሥራ አመልካቿን የባጁን ማስፈንጠሪያ ከራሷ መለያ አውጥታ እንድትልክ መጠየቅ ነው። ሲስኮን ጨምሮ በርካታ ድርጅቶች ባጆቻቸውን የሚሰጡት ክሬድሊ በተባለው የመረጃ ቋት አማካይነት ስለሆነ፣ ማስፈንጠሪያው `credly.com/badges/` ብሎ የሚጀምርና በረጅም የፊደልና የቁጥር ቅንብር የሚያበቃ ይሆናል። ገጹ ሲከፈት የባለቤቱ ስም፣ የሰጪው ድርጅት ስም፣ የተሰጠበት ቀን እና ካለም የሚያበቃበት ቀን ይታያል።

ማስፈንጠሪያው ከመነካቱ በፊት አድራሻው መነበብ አለበት። አጭበርባሪዎች እውነተኛውን ገጽ የሚመስል ገጽ ሠርተው ማስፈንጠሪያውን ወይም ኪውአር ኮዱን ወደዚያ ያመራሉ። ኪውአር ኮድ በምስክር ወረቀት ላይ መታተሙ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ኮዱ የሚወስደው ያተመው ሰው ወደ ፈለገው ቦታ ነው። የአንድ ድረ ገጽ ባለቤት የሚታወቀው ከመጀመሪያው ነጠላ ዘንባይ መስመር በፊት ባሉት የመጨረሻ ክፍሎች ነው። `credly.com/badges/` የሚለው የክሬድሊ ነው፤ `credly.com.example.net/badges/` የሚለው ግን መጀመሪያው ላይ የክሬድሊ ስም ቢኖርም ባለቤቱ `example.net` ነው። በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት አድራሻ ብዙውን ጊዜ በ`.edu.et` ያበቃል። ጥርጣሬ ካለ አመልካቿ የላከችውን መንገድ ትቶ የሰጪውን ድርጅት ዋና ገጽ በራስ መፈለግና ከዚያ ወደ ማረጋገጫው መግባት ይሻላል።

ገጹ እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ በኋላ በአሠራር ላይ በጣም የተለመደው ስሕተት ይመጣል። ሲስኮ `CCNA` የሚለውን ስም የሚጠቀመው በሁለት ቦታ ነው። አንዱ በተቆጣጣሪ ፊት በሚሰጥ ፈተና የሚገኘው የሙያ ማረጋገጫ ሲሆን የባጁ ስም `Cisco Certified Network Associate` የሚል ነው፤ ለሦስት ዓመት ብቻም ይጸናል። ሌላው በኔትወርኪንግ አካዳሚ ሥር በዩኒቨርሲቲዎችና በሥልጠና ማዕከላት የሚሰጡት ኮርሶች ናቸው፤ የእነዚህ ባጅ ለምሳሌ `CCNA: Introduction to Networks` ይላል። ሁለቱም እውነተኛ ባጆች ናቸው፤ ሁለቱንም የሰጠው ሲስኮ ነው። የመጀመሪያው ግን ፈተና ያለፈን ሰው ሲያመለክት ሁለተኛው ኮርስ የጨረሰን ሰው ያመለክታል። በባጁ ገጽ ላይ ዓይነቱ `Certification` ወይም `Learning` ተብሎ ተለይቶ ስለሚጻፍ ልዩነቱን ማወቅ አያስቸግርም፤ የሚያስፈልገው ማንበብ ብቻ ነው።

በዚህ ምሳሌ የአመልካቿ ባጅ የኮርስ ባጅ ሆኖ ተገኘ እንበል። ይህ ማጭበርበር ተብሎ ሊፈረጅ አይገባም። አመልካቿ በማመልከቻዋ ላይ «የሲሲኤንኤ ኮርስ» ብላ ከሆነ የጻፈችው እውነት ነው፤ «የሲሲኤንኤ ማረጋገጫ አለኝ» ብላ ከሆነ ግን ማብራሪያ ልትጠየቅ ይገባል። የሥራ ማስታወቂያውን ያወጣው ድርጅትም «ሲሲኤንኤ ያለው/ያላት» ብሎ በደፈናው መጻፉ ለውዥንብሩ ድርሻ አለው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ባለቤቱ ባጁን ለሕዝብ እንዳይታይ አድርጎ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ማስፈንጠሪያው ባጁን አያሳይም። ይህም ባጁ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም። አመልካቿ ለጊዜው እንዲታይ እንድታደርግ መጠየቅ በቂ ነው። እንደ ኮምቲያ ያሉ ሌሎች ሰጪዎች ደግሞ በምስክር ወረቀቱ ላይ የማረጋገጫ ኮድ ያትማሉ፤ ቀጣሪው ኮዱን በሰጪው ገጽ ላይ በማስገባት ከባለቤቱ መለያ ውጭ ማረጋገጥ ይችላል።

ዲግሪው፦ ከማን ይጠየቃል?

ለዲግሪ የመጀመሪያው ምስክር የሰጠው ተቋም ሬጅስትራር ነው። በኢትዮጵያ ሁሉም ተቋማት ለቀጣሪዎች ክፍት የሆነ የመረጃ ቋት ስለሌላቸው፣ አብዛኛው ማረጋገጫ እስካሁን የሚከናወነው በደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የባለቤቱን ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የትምህርት ክፍልና የምረቃ ቀን ይዞ፣ የአመልካቹ የስምምነት ፊርማ ተያይዞበት በቀጥታ ወደ ሬጅስትራሩ መላክ አለበት። መልሱም በቀጥታ ከሬጅስትራሩ ወደ ቀጣሪው መምጣት አለበት። አመልካቹ በእጁ ይዞት የሚመጣ «የማረጋገጫ ደብዳቤ» ራሱ ሌላ መረጋገጥ ያለበት ሰነድ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

ከሬጅስትራሩ በተጨማሪ ሁለት ነገሮች ከሌላ ምንጭ ሊታዩ ይችላሉ። አንደኛው ተቋሙና የትምህርት መስኩ በወቅቱ ዕውቅና ነበራቸው ወይ የሚለው ሲሆን፣ ይህ የሚጠየቀው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ነው። ዕውቅና የሚሰጠው ለእያንዳንዱ መስክና ካምፓስ በመሆኑ የተቋሙ ስም ብቻውን መታየቱ አይበቃም። ሁለተኛው የመውጫ ፈተና ነው። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ መሰጠት ስለጀመረ፣ ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቅሁ የሚል አመልካች የፈተና ውጤትም ሊኖረው ይገባል። በምሳሌው አመልካቿ የተመረቀችው በ2010 ዓ.ም. ስለሆነ የመውጫ ፈተና ውጤት የለሽም ተብላ ልትጠየቅ አይገባም። የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞችን በተመለከተ የብቃት ማረጋገጫ፣ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው፣ የሚጣራው ካሠለጠነው ኮሌጅ ሳይሆን ምዘናውን ከሰጠው የክልሉ ወይም የከተማ አስተዳደሩ የምዘና አካል ነው።

በውጭ ሀገር ለተማሩ ሰዎች መንገዱ እንደየሀገሩ ይለያያል። የቻይና ዲግሪ በመንግሥቱ የተማሪዎች መረጃ ማዕከል ገጽ `chsi.com.cn` ይረጋገጣል፤ ባለቤቱ ራሱ ገብቶ ሪፖርት ያወጣና ኮዱን ለቀጣሪው ይሰጣል። በህንድ ዲጂሎከር፣ በእንግሊዝ `hedd.ac.uk`፣ በአሜሪካ ደግሞ ብሔራዊ የተማሪዎች ማጽጃ ቤት የሚያካሂደው ዲግሪቬሪፋይ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣሉ። በሀገር ውስጥ የአቻ ግምት ማግኘት ይህን ማጣራት ይተካል ብሎ መገመት አይገባም፤ የአቻ ግምት በዋናነት የሚመልሰው ጥያቄ ዲግሪው ከየትኛው ደረጃ ጋር ይመጣጠናል የሚለውን ነው። የውጭ ጉዳይ ወይም የኤምባሲ ማኅተምም በአብዛኛው የሚመሰክረው ከበፊቱ ላረፈው ፊርማና ማኅተም እንጂ ለትምህርቱ ይዘት አይደለም።

የማረጋገጫ ገጹን አድራሻ ከአመልካቹ ወረቀት አለመውሰድ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ የታወቀ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 ኒው ዮርክ ታይምስ፣ አክሳክት የተባለ የፓኪስታን ኩባንያ በመቶዎች በሚቆጠሩ ድረ ገጾች አማካይነት የሌሉ ትምህርት ቤቶችን ዲግሪ ሲሸጥ መቆየቱን አጋለጠ። ከድረ ገጾቹ መካከል የዕውቅና ሰጪ አካል የሚመስሉም ነበሩ። አንድ ቀጣሪ በዲግሪው ላይ ወደታተመው አድራሻ ቢሄድ፣ እዚያ ወደተጠቀሰው ዕውቅና ሰጪም ቢያልፍ፣ ሁሉም እርስ በርሳቸው የሚመሰክሩት የአንድ ሻጭ ገጾች ይሆኑ ነበር።

«አልተገኘም» የሚለው መልስ

በምሳሌው ከሬጅስትራሩ የመጣው መልስ «በተጠቀሰው ስምና ዓመት የተመረቀች ተማሪ በመዝገባችን አልተገኘችም» የሚል ነው እንበል። ብዙ ቀጣሪዎች እዚህ ላይ ፋይሉን ይዘጋሉ። ለኢትዮጵያውያን ግን ከዚህ መልስ ጀርባ ከማጭበርበር ውጭ ያሉ ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ዋነኞቹም ሁለት ናቸው፦ ዘመንና ስም።

ስለ ዘመን፦ ቀጣሪው በእንግሊዝኛ በጻፈው ደብዳቤ ላይ `July 2010` ብሎ ከሆነ የጠየቀው ስለ ሌላ ዓመት ነው። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ጋር የሚገጥም ነው። ልዩነቱ ሁልጊዜ ስምንት ዓመት አለመሆኑም ያሳስታል፤ ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን ድረስ ስምንት ዓመት ነው። በጥቅምት የተሰጠ ዲግሪ ላይ ስምንት የደመረ ሰው በአንድ ዓመት ይስታል። የመጠየቂያ ደብዳቤው ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ቢይዝ ችግሩ ከመነሻው ይወገዳል።

የስም ጉዳይ ከዚህ ይሰፋል። በአማርኛ አንድ የሆነው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ብዙ መልክ ይይዛል። ፀሐይ የሚለው ስም በመታወቂያ ላይ `Tsehay`፣ በዲግሪ ላይ `Tsehai`፣ በፓስፖርት ላይ ደግሞ `Sehay` ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ኃይለሚካኤል `Hailemichael`፣ `Hailemikael` ወይም በሁለት ቃል `Haile Michael` ይጻፋል። በፊደል በፊደል የሚፈልግ የመረጃ ቋት እነዚህን እንደተለያዩ ሰዎች ያያቸዋል። ከዚህም ሌላ በእኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፤ ከራስ ስም ቀጥሎ የአባትና የአያት ስም ይመጣል። የውጭ ሀገር ቅጽ ግን የመጨረሻ ስም ስለሚጠይቅ፣ አንዱ ቅጽ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም በዚያ ቦታ ያኖራል። አመልካቿ ሲስኮ ዘንድ በራሷና በአባቷ ስም፣ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ እስከ አያት ተመዝግባ ከሆነ ሁለቱ መዝገቦች በአንድ ፍለጋ አይገናኙም። በፍርድ ቤት ስም የለወጡ ሰዎች፣ በውጭ ሀገር አግብተው የባላቸውን ስም የወሰዱ ሴቶች፣ በልጅነታቸው በሌላ ስም ትምህርት ቤት የገቡ ልጆችም አሉ።

ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ ከስም ይልቅ በማይለዋወጥ ነገር ላይ ቢመሠረት ይሻላል። ለሬጅስትራር የተማሪው የመታወቂያ ቁጥር ከስም የበለጠ አስተማማኝ ነው፤ በተማሪው ኦፊሴላዊ የውጤት ግልባጭ ላይም ይገኛል። ለባጅ ደግሞ ባጁ የተላከበት የኢሜይል አድራሻ ነው። አመልካቿ በቃለ መጠይቁ ዕለት በዚያ ኢሜይል ወደ መለያዋ ገብታ ባጁን ብታሳይ፣ ስሙ በምንም ፊደል ቢጻፍ ባጁ የእርሷ ለመሆኑ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። የይለፍ ቃሏን መጠየቅ ግን ፈጽሞ አይገባም። አመልካቿ ራሷን የሚያሳውቅ እንደ ፋይዳ ያለ መታወቂያ ካቀረበች ደግሞ ስሟ በይፋ በየትኛው ፊደል እንደተመዘገበ መነሻ ይገኛል።

በምሳሌው ደብዳቤው በመታወቂያ ቁጥርና በሁለቱ አቆጣጠሮች ተስተካክሎ ሲላክ ሬጅስትራሩ ተማሪዋን አገኘ፤ የዲግሪው ስም በአንድ ፊደል ከመታወቂያዋ ይለይ ነበር። በመጀመሪያው መልስ ላይ ቢቆም ኖሮ በትክክል የተማረች ባለሙያ «ሐሰተኛ ማስረጃ አቅርባለች» በሚል ስሟ ይጠፋ ነበር። ቀጣሪው ደግሞ ብቁ ሠራተኛ ያጣ ነበር። በሌላ በኩል በመታወቂያ ቁጥሩ የሌላ ሰው ስምና የሌላ ትምህርት ክፍል ቢገኝ፣ ወይም ሬጅስትራሩ ቁጥሩ በተቋሙ ያልተሰጠ መሆኑን ቢገልጽ ኖሮ ጉዳዩ ከፊደል ልዩነት ያለፈ ይሆናል። ያን ጊዜም ቢሆን ውሳኔው በጽሑፍ በመጣ መልስ ላይ እንጂ በስልክ በተነገረ ቃል ላይ ሊመሠረት አይገባም።

መዝገቡ የማይናገረው

ሁሉም ነገር በመዝገብ ቢገኝም መዝገቡ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሰጪው ይህን ማስረጃ ለዚህ ሰው ሰጥቷል ወይ? ትምህርቱ በእርግጥ ተሰጥቷል ወይ የሚለውን አይመልስም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ይፋ የሆነው ጉዳይ ይህንን ያሳያል። የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ በደቡብ ፍሎሪዳ ከነበሩ ሦስት የነርስ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ ዲፕሎማዎች ተሸጠዋል በሚል በ25 ሰዎች ላይ ክስ መሠረተ። ዲፕሎማዎቹ የወጡት ከትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ነበር። ወደ ትምህርት ቤቱ ደውሎ ያጣራ ቀጣሪ «አዎ፣ ተመራቂያችን ናት» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችል ነበር።

በዚህ ጉዳይ ትርጉም የነበረው ከትምህርት ቤቱ ነጻ የሆነ ሁለተኛ ምንጭ ነው። ዲፕሎማውን ከገዙት አብዛኞቹ የነርሶችን የፈቃድ ብሔራዊ ፈተና ማለፍ አልቻሉም፤ 2,400 ያህሉ ግን አልፈው ፈቃድ አግኝተዋል። ኋላ ላይ ክልላዊ መንግሥታቱ የበርካቶቹን ፈቃድ መሰረዝና ማገድ ጀመሩ። የነርሶች ፈቃድ `nursys.com` በተባለው የጋራ ገጽ ላይ ስለሚታይ፣ ቀጣሪ ከዓመት በፊት አይቶ «ጸንቷል» ያለው ፈቃድ ዛሬ ተቀይሮ ሊያገኘው ይችላል። በአሜሪካ በጤና ዘርፍ የሚሠሩ ወይም ወደዚያው ለመግባት የሚያጠኑ ኢትዮጵያውያን ከክፍያ በፊት የትምህርት ቤቱን ዕውቅና ከክልሉ የነርሶች ቦርድ ማጣራት እንዳለባቸውም ከዚህ ጉዳይ ይታያል፤ ጥቂት የማይባሉ ሰዎች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዓመታቸውንና ገንዘባቸውን አጥተዋልና።

በሀገር ውስጥም ፈቃድ በሚጠይቁ ሙያዎች፣ ለምሳሌ በጤና፣ ዲግሪውን ከዩኒቨርሲቲው፣ የሙያ ፈቃዱን ደግሞ ፈቃዱን ከሰጠው የጤና አካል ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዱ ምላሽ ሌላውን አይተካም።

የአመልካቹ መብትና ዝግጅት

ቀጣሪው መረጃውን ከሦስተኛ ወገን ከመጠየቁ በፊት የአመልካቹን ስምምነት በጽሑፍ መያዝ ይገባዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰዎችን መረጃ የሚሰበስብ ድርጅት ለምን ዓላማ እንደሚሰበስበው መግለጽና ከዚያ ዓላማ ውጭ አለመጠቀም ይጠበቅበታል። የስምምነት ቅጹ ማስረጃው የትኛው እንደሆነ፣ ከማን እንደሚጠየቅና ውጤቱ ለማን እንደሚገለጽ ለይቶ ቢጽፍ፣ ሬጅስትራሮችም «ባለቤቱ ፈቅዷል ወይ?» ብለው ደብዳቤውን አይመልሱም።

የጊዜ ጉዳይም አለ። የደብዳቤ ማረጋገጫ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል አንዳንድ ቀጣሪዎች ሠራተኛውን አስገብተው ማጣራቱን በሙከራ ጊዜ ያጠናቅቃሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ይህን መንገድ የሚመርጥ ቀጣሪ ደብዳቤውን በመጀመሪያው ሳምንት መላክ አለበት፤ በሁለተኛው ወር መጨረሻ የተላከ ጥያቄ መልሱ የሚመጣው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

አመልካቾች በበኩላቸው ከማመልከታቸው በፊት የሚያደርጉት ዝግጅት ብዙ ውጣ ውረድ ያስቀራል። በዲግሪ፣ በመታወቂያና በፓስፖርት ላይ ስማቸው በየትኛው ፊደል እንደተጻፈ ጎን ለጎን አስቀምጠው ማየት፣ ልዩነት ካለ በማመልከቻው ላይ በአንድ መስመር መግለጽ፣ የተማሪ መታወቂያ ቁጥራቸውን መያዝ፣ የምረቃ ቀናቸውን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ ይገባቸዋል። ባጅ ያላቸው ሰዎች የባጁን ምስል ሳይሆን ማስፈንጠሪያውን ማያያዝና ለሕዝብ የሚታይ መሆኑን በሌላ ሰው ስልክ ከፍተው ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። ባጁ የተላከው በሥራ ቦታ ወይም በትምህርት ቤት ኢሜይል ከሆነ ደግሞ ተቋሙን ከመልቀቃቸው በፊት የግል ኢሜይላቸውን ወደ መለያው መጨመር አለባቸው፤ ኢሜይሉ ከተዘጋ በኋላ ባጁን የራስ ማድረግ አስቸጋሪ ይሆናል።

«አልተገኘም» የሚል መልስ የደረሰው አመልካች ቀጣሪው በምን ስም፣ በምን ዓመትና በየትኛው አቆጣጠር እንደጠየቀ ለማወቅ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ስሕተቱ ከጥያቄው ሆኖ ከተገኘ ደብዳቤው ታርሞ እንደገና እንዲላክ ማመልከት ይችላል። ቀጣሪውም በፋይሉ ውስጥ የተረጋገጠበትን ቀን፣ የተጠየቀውን አካል፣ ያየውን ገጽ ሙሉ አድራሻና የተሰጠውን መልስ አያይዞ ማስቀመጥ አለበት፤ ከዓመታት በኋላ ፋይሉን ለሚከፍት ሰው «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» ከሚለው ማኅተም ይልቅ ይህ መስመር ይጠቅመዋል።